አርባ ደርዘን ማለት ስንት ነው?

(ስለ ዕቃ ትእዛዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ በሬዲዮ ከተነገረው)



በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው አንድ ትንሽ ባለሱቅ ለዕቃ አቅራቢው የሚጽፈውን አንድ ዓይነት ደብዳቤ ነው። ይኸውም ቀደም ብሎ በላከው ትእዛዝ ውስጥ የዕቃው ብዛትና የሚደርስበት ቀን ግልጽ ሳይሆን ቀርቶ እንደሆነ፣ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ነገሩን አንድ ለማድረግ የሚጻፈው የማረጋገጫ ደብዳቤ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው የሱቅ ደብዳቤ ምን ያደርግለታል የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን ወንድሙ፣ እኅቱ ወይም ባለቤቱ ሱቅ የያዘ ብዙ ነው፤ ደብዳቤ መጻፍ ያስፈለገ እንደሆነም «አንተ የቢሮ ሰው ነህ፤ እስቲ አንተው ጻፍልን» ተብሎ ብዕሩ የሚሰጠው ለእኛው ነው። ስለዚህ ነገሩን በአንድ ምሳሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንከተለው።

በደብረ ብርሃን ከተማ አንዲት አነስተኛ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለች እንበል። ባለቤቱ ዕቃውን የሚያስመጣው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ከሚገኝ የጅምላ ነጋዴ ዘንድ ነው። የዚህች ሱቅ ዋና ገበያ ዓመቱን ሙሉ የተዘረጋ አይደለም። ወላጆች ለልጆቻቸው ደብተርና እርሳስ የሚገዙት ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ ማለት ከነሐሴ ማለቂያ አንሥቶ በጳጉሜን በኩል እስከ መስከረም አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ጥቂት ሳምንቶች ያልተሸጠ ደብተር አብዛኛው እስከሚመጣው ዓመት መደርደሪያ ላይ ይከርማል። ባለሱቁ እጁ ላይ ያለውን ገንዘብ የሚያፈሰው ለዚህ ጊዜ ስለሆነ፣ ዕቃው በአንድ ሳምንት ቢዘገይ ወይም ካሰበው እጥፍ ሆኖ ቢመጣ የዓመቱ ትርፍ ከነአካቴው ሊጠፋ ይችላል።

ባለሱቃችን ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. የሚከተለውን ትእዛዝ ላከ። «ደብተር ባለ 50ና ባለ 32 ሉክ 40 ደርዘን፣ እርሳስ 5 ፓኬት፣ እስክሪብቶ ሰማያዊና ጥቁር 6 ፓኬት እንዲላክልን፤ ዕቃው በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ይድረስልን።» ጅምላ ነጋዴው ደግሞ ሐምሌ 28 ቀን «ትእዛዝዎ ደርሶናል፤ ዕቃው እንደተለመደው በ5/9 ይላካል» ሲል መለሰ። ላይ ላዩን ሲያነቡት ሁለቱ ሰዎች የተስማሙ ይመስላሉ። ነገሩን ጠለቅ ብለን ስንመለከተው ግን ስለ ብዛቱም ሆነ ስለ ቀኑ ሁለቱ አንድ ነገር አላሰቡም።

መጀመሪያ ደብተሩን እንመልከት። «ባለ 50ና ባለ 32 ሉክ 40 ደርዘን» የሚለው ቃል ሁለቱ ተደምረው 40 ደርዘን ይሁኑ ማለት ነው ወይስ ከየዓይነቱ 40 ደርዘን? እንደ መጀመሪያው ትርጉም ከሆነ የሚመጣው 480 ደብተር ነው። እንደ ሁለተኛው ከሆነ 80 ደርዘን፣ ማለት 960 ደብተር ይሆናል። ሁለቱም በአንድ ላይ ነው ብንል እንኳ ከየዓይነቱ ስንት ስንት እንደሚሆን ጽሑፉ አይናገርም። ጅምላ ነጋዴው እኩል ከፍሎ ሃያ ሃያ ደርዘን ቢጭን ጥፋተኛ ነው ለማለት አይቻልም፤ ባለሱቁ ግን በከተማው ይበልጥ የሚፈለገው ባለ 50 ሉኩ መሆኑን ከልምድ ያውቃል።

እርሳሱ ከዚህ የባሰ ነው። እርሳስ አንድ ደርዘን በያዘ ትንሽ ፓኬት ይሸጣል፤ 12 እነዚህን ትንንሽ ፓኬቶች በያዘ ትልቅ ፓኬትም ይሸጣል። ሁለቱንም በየገበያው «ፓኬት» ሲሏቸው ይሰማል። ስለዚህ «5 ፓኬት» የሚለው ትእዛዝ 60 እርሳስ ወይም 720 እርሳስ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ 12 እጥፍ ነው። እስክሪብቶውን ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ባለ 50 ፍሬ ፓኬት አድርገው ቢያስቡት እንኳ፣ ከስድስቱ ፓኬት ሰማያዊው ስንት፣ ጥቁሩ ስንት እንደሆነ አልተጻፈም። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር አለ፤ ደርዘን ምንጊዜም 12 ስለሆነ ቁጥር ነው፤ ፓኬት፣ ካርቶን፣ እስርና ጆንያ ግን መያዣ እንጂ ቁጥር አይደሉም። መያዣው በውስጡ ስንት እንዳለ ካልተጻፈ በስተቀር ብዛትን አይናገርም።

ወደ ቀኑ ስንመጣ ችግሩ ሦስት መልክ አለው። አንደኛው ቃሉ ራሱ ልል መሆኑ ነው። «በነሐሴ መጨረሻ ገደማ» ሲባል አንዱ ነሐሴ 25ን ያስባል፤ ሌላው ነሐሴ 30ን ያስባል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ዓመቱ እስኪያልቅ» ብሎ ጳጉሜንን ይጨምርበታል። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ለ12 ወር እንጂ ለጳጉሜን ለብቻው እንደማይከፈል ሁላችንም እናውቃለን። በንግድ ንግግርም ጳጉሜን አንዳንዴ ይቆጠራል፤ አንዳንዴም ይረሳል። ለምሳሌ «ከሐምሌ 10 ጀምሮ በሁለት ወር ውስጥ» የተባለ ቀጠሮ በወር ስም ከተቆጠረ መስከረም 10 ላይ ያበቃል። ሁለት ወር 60 ቀን ነው ተብሎ ከተቆጠረ ግን ጳጉሜን አምስት ቀን በሆነበት ዓመት መስከረም 5 ላይ ያበቃል። በዚህ መካከል ያለው አምስት ቀን ለደብተር ነጋዴ ትንሽ አይደለም።

ሁለተኛው የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ጅምላ ነጋዴው «5/9» ያለው ምን ማለቱ ነው? በእኛ አቆጣጠር አምስተኛው ቀን፣ ዘጠነኛው ወር ብለን ካነበብነው ግንቦት 5 ይሆናል፤ ግንቦት ደግሞ ካለፈ ቆይቷል። ስለዚህ ነጋዴው የጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 5 ለማለት መሆን አለበት፤ ይህም ነሐሴ 30 ነው። ከውጭ አገር ዕቃ ከሚያስመጡ ድርጅቶች ጋር ዘወትር የሚጻጻፍ ነጋዴ ሳያስበው በአውሮፓ ቀን ሊጽፍ ይችላል። በዚህ ምሳሌ ግንቦት ያለፈ ወር ስለሆነ ስሕተቱ በቀላሉ ታወቀ። ነገር ግን የተጻፈው «5/12» ቢሆን ኖሮ ባለሱቁ ነሐሴ 5 ብሎ አንብቦ በደስታ ይቀመጥ ነበር፤ ዕቃውን የሚልከው ሰው ግን ዲሴምበር 5ን፣ ማለት ኅዳር 26ን አስቦ ሊሆን ይችላል። ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ሲጻፍ ይህ ሁሉ ጭንቀት ይቀራል።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያስተውለው የግሡ ልዩነት ነው። ባለሱቁ «ይድረስልን» አለ፤ ጅምላ ነጋዴው ደግሞ «ይላካል» ሲል መለሰ። መላክና መድረስ አንድ አይደሉም። ነሐሴ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ዓርብ ነው። ዓርብ ከመጋዘን የወጣ ዕቃ በዚያው ምሽት ጭነቱ ካልሞላ ቅዳሜን፣ ማለት ጳጉሜን 1ን ይጠብቃል። ባለመኪናው እሑድ የማይሠራ ከሆነም ሰኞ ጳጉሜን 3 ቀን ይደርሳል። እንግዲህ ጅምላ ነጋዴው ቃሉን ሳያጥፍ፣ ባለሱቁም የፈለገውን ሳያገኝ ይቀራል ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ጉድለት ጉዳት ሳያደርስ በፊት እንዴት ማወቅ ይቻላል? ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ትእዛዙን ስለ ዕቃው ምንም ለማያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ ለቤተ ሰብ ልጅ ሰጥቶ «ይህ ሁሉ በፍሬ ሲቆጠር ስንት ነው? የሚመጣውስ በየትኛው ዕለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ልጁ አንድ ቁጥርና አንድ ዕለት ብቻ ከመለሰ ትእዛዙ ግልጽ ነው። «ይህ እኮ አይታወቅም» ካለ ወይም ሁለት መልስ ካገኘ ትእዛዙ መብራራት አለበት።

ሁለተኛው መንገድ በዋጋው መመርመር ነው። አቅራቢው የዋጋ መግለጫ ወይም ፕሮፎርማ የላከ እንደሆነ ጠቅላላውን ዋጋ ለአንዱ ዋጋ ማካፈል ነው። ለስሌቱ እንዲመች የአንዱ ደርዘን ደብተር ዋጋ 300 ብር ነው ብንል፣ 40 ደርዘን 12,000 ብር፣ 80 ደርዘን ደግሞ 24,000 ብር ያወጣል። ስለዚህ ፕሮፎርማው ላይ ለደብተር 24,000 ብር ተጽፎ ከተገኘ አቅራቢው ከየዓይነቱ 40 ደርዘን ብሎ እንደተረዳ ወዲያው ይታወቃል። ብዙ ባለሱቆች ፕሮፎርማ ሲደርሳቸው የሚመለከቱት ዋጋው ጨምሮ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ግን አቅራቢው ትእዛዙን እንዴት እንዳነበበውም ይናገራል።

ባለሱቃችን ይህን ሁሉ ከመረመረ በኋላ ነሐሴ 2 ቀን የሚከተለውን ደብዳቤ ጻፈ።

«ቁጥር 37/2017
ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን

ለጽሕፈት መሣሪያ የጅምላ መደብር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በቁጥር 35/2017 የላክሁትን ትእዛዝ ብዛትና ቀን ስለ ማረጋገጥ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህ ደብዳቤ ከላይ የተጠቀሰውን ትእዛዝ ለማብራራት የተጻፈ ነው እንጂ አዲስ ወይም ተጨማሪ ትእዛዝ አይደለም። የቀድሞው አጻጻፍ ለሁለት ትርጉም የሚመች ሆኖ ስለተገኘ፣ የፈለግሁት ዕቃ የሚከተለው መሆኑን አረጋግጣለሁ።

1ኛ. ባለ 50 ሉክ ደብተር 25 ደርዘን፣ ማለት 300 ደብተር፤
2ኛ. ባለ 32 ሉክ ደብተር 15 ደርዘን፣ ማለት 180 ደብተር፤ ሁለቱ በአንድ ላይ 40 ደርዘን ወይም 480 ደብተር፤
3ኛ. እርሳስ እያንዳንዱ 144 ፍሬ የያዘ 5 ትልቅ ፓኬት፣ ማለት 720 እርሳስ፤
4ኛ. ሰማያዊ እስክሪብቶ ባለ 50 ፍሬ 4 ፓኬት፣ ማለት 200 ፍሬ፤
5ኛ. ጥቁር እስክሪብቶ ባለ 50 ፍሬ 2 ፓኬት፣ ማለት 100 ፍሬ።

ሐምሌ 28 ቀን በጻፉልኝ መልስ ዕቃው «በ5/9 ይላካል» ያሉትን፣ ዓርብ ነሐሴ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 5 ቀን 2025) ከመጋዘንዎ ይወጣል ማለት እንደሆነ ተረድቼዋለሁ። የተረዳሁት ትክክል ካልሆነ እንዲያርሙኝ እለምናለሁ።

ዕቃው በተባለው ቀን ከተላከ ጳጉሜን ከገባ በኋላ ስለሚደርስብኝ፣ ሰኞ ነሐሴ 26 ቀን ለመኪና ተሰጥቶ ቢዘገይ እስከ ረቡዕ ነሐሴ 28 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ደብረ ብርሃን ሱቄ እንዲደርስልኝ እጠይቃለሁ። ሁሉን በዚህ ቀን ለመላክ የማይቻል እንደሆነ ደብተሩ ብቻ በዚሁ ቀን ደርሶ፣ እርሳሱና እስክሪብቶው ነሐሴ 30 ቀን ቢላክ እቀበላለሁ።

መልስዎን እስከ ዓርብ ነሐሴ 9 ቀን እንዲልኩልኝ፣ እስከዚያም ድረስ ዕቃው እንዳይጫን እለምናለሁ። የሚስማሙበት ከሆነ ከዚህ ጋር በተላከው ግልባጭ ላይ «ተስማምተናል» ብለው ፈርመውና ማኅተም አድርገው ቢመልሱልኝ ይበቃል።

ከሰላምታ ጋር፤
(የባለሱቁ ስምና ፊርማ)»

እንግዲህ የዚህን ደብዳቤ አሠራር በየክፍሉ እንመልከት። ከሁሉ የሚቀድመው «አዲስ ወይም ተጨማሪ ትእዛዝ አይደለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። ይህ ቃል ቢጎድል የሚደርሰው አደጋ ቀላል አይደለም። በጅምላ መደብር ደብዳቤ የሚቀበለው ጸሐፊና ዕቃ የሚያወጣው የመጋዘን ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የዕቃ ዝርዝር ያለበት ወረቀት ሲደርሰው ሠራተኛው ትእዛዝ ነው ብሎ ይጭናል። ሐምሌ 21 ቀን በተጻፈው አንድ ጊዜ፣ ነሐሴ 2 ቀን በተጻፈው ሁለተኛ ጊዜ ይጫንና ሊያብራራ የተጻፈው ደብዳቤ ራሱ ሌላ ጥፋት ይወልዳል። የቀድሞው ትእዛዝ ቁጥርና ቀን በጉዳዩ ላይ የተጻፈውም ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ፋይል ውስጥ እንዲገናኙ ነው። ይህን የመዝገብ ቤትን ሥራ የሚያውቅ አድማጭ ሳይነገረው ይረዳዋል።

ሁለተኛው ነገር እያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ጊዜ መጻፉ ነው፤ አንድ ጊዜ በመያዣው ወይም በደርዘኑ፣ ሌላ ጊዜ በፍሬው። ይህ ለጌጥ የተጨመረ አይደለም። አንደኛው ቁጥር በጽሕፈት ስሕተት ቢበላሽ ሌላኛው ያጋልጠዋል። «25 ደርዘን፣ ማለት 300 ደብተር» ከሚለው ውስጥ አንዱ ተሳስቶ 35 ቢባል፣ 35 ደርዘን 420 እንጂ 300 ስለማይሆን አንባቢው ቆም ብሎ ይጠይቃል። ቀኑም እንደዚሁ ከዕለቱ ስም ጋር ተጽፏል። «ረቡዕ ነሐሴ 28» ሲባል ዕለቱና ቀኑ እርስ በርሳቸው ይመሰካከራሉ፤ የማይስማሙ ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ስሕተት ነው። ሰዓቱም «ከቀኑ 10 ሰዓት» ተብሎ መጻፉ በፈረንጅ ሰዓት ለለመደ ሰው ጠዋት መስሎ እንዳይታየው ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚረቀው ነገር ማረጋገጥና መለመን ለየብቻቸው መቀመጣቸው ነው። ባለሱቁ «5/9 ማለት ነሐሴ 30 እንደሆነ ተረድቼዋለሁ» ሲል የተባለውን ማረጋገጡ ነው። ነሐሴ 26 ይላክልኝ ሲል ግን አዲስ ነገር መጠየቁ ነው። ብዙ ሰዎች ሁለቱን ያደባልቁና «ዕቃው ነሐሴ 26 እንደሚላክ አረጋግጣለሁ» ብለው ይጽፋሉ። እንዲህ ያለው አጻጻፍ ብልሃት ይመስላል እንጂ ጉዳት ነው። አቅራቢው ያላለውን እንዳለ አድርጎ ስለሚያቀርብ ቅሬታ ያመጣል፤ ኋላ ክርክር ቢነሣም የደብዳቤውን እምነት ያሳጣዋል። ደግሞም ባለሱቁ ልመናውን ብቻውን አልተወውም፤ አቅራቢው ሁሉን መፈጸም ባይችል በመካከል የሚቀበለውን ነገር ገልጾለታል። ጊዜ የማይሰጠው ደብተሩ ስለሆነ እርሱ እንዲቀድም፣ ሌላው እንዲከተል ማለቱ «ወይ ሁሉ፣ ወይ ምንም» ከማለት ይሻላል።

አሁን አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ጅምላ ነጋዴው ደብዳቤው ደርሶት ዝም ቢልስ? በሕዝባችን ዘንድ «ዝምታ መስማማት ነው» ሲባል ይሰማል። በውል ነገር ግን መሠረቱ እንዲህ አይደለም። እስከ ዛሬ የሚሠራበት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ውል ለመግባት የቀረበለት ሰው ዝም ማለቱ ብቻውን እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይደነግጋል። ለዚህ ደንብ ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ለምሳሌ ቀድሞ በሁለት ሰዎች መካከል የነበረን ውል ለማሻሻል ተለይቶ በተጻፈ ወረቀት ሐሳብ የቀረበ እንደሆነና፣ በተገቢው ጊዜ ውስጥ መልስ ካልተሰጠ እንደተስማሙ እንደሚቆጠር በዚያው ወረቀት ላይ የተገለጸ እንደሆነ ዝምታው ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን አንድ ትንሽ ባለሱቅ የዓመቱን ገበያ በዚህ ላይ ጥሎ መቀመጥ አይገባውም። ደብዳቤው ፊርማና ማኅተም ያለበት ግልባጭ እንዲመለስለት የሚለምነው፣ መልሱም ቀን የተቆረጠለት ስለዚህ ነው።

የመልሱ ቀን አመራረጥም ስሌት አለው። ባለሱቁ ነሐሴ 9ን የመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። ከነሐሴ 9 እስከ ዕቃው መጫኛ እስከ ነሐሴ 26 ድረስ 17 ቀን ይቀራል። መልሱ «አንችልም» ቢሆን ወይም ጭራሽ ባይመጣ፣ በእነዚህ ቀኖች ውስጥ ከሌላ ነጋዴ ዘንድ መግዛት ይቻላል። የመልሱ ቀን ነሐሴ 25 ተብሎ ቢሆን ኖሮ ግን መልሱ ቢመጣም ባይመጣም የሚሠራበት ጊዜ አይኖርም ነበር። እንግዲህ የመልስ ቀን የሚቆረጠው አቅራቢው ለመመለስ ከሚፈጅበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን፣ ጸሐፊው ሌላ መንገድ ለመፈለግ ከሚያስፈልገው ጊዜ ተነሥቶ ወደ ኋላ በመቁጠር ነው።

ነሐሴ 9 ካለፈና መልስ ካልመጣ ባለሱቁ በማግሥቱ በስልክ ይጠይቃል። በስልክ የተነገረውን ግን ያነጋገረውን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምሮ በአጭር ደብዳቤ መልሶ ይልካል፤ በቃል የተባለ ነገር ሰው ሲለወጥ ይረሳልና። ደብዳቤው መድረሱም መረጋገጥ አለበት። በሰው እጅ የተላከ እንደሆነ በባለሱቁ ዘንድ በሚቀረው ግልባጭ ላይ ተቀባዩ ስሙን፣ ፊርማውንና የተቀበለበትን ቀን እንዲጽፍ ይደረጋል። በፖስታ የተላከ እንደሆነ በአደራ ተልኮ ደረሰኙ ይያዛል። መድረሱ ያልታወቀ ደብዳቤ በክርክር ጊዜ እንዳልተጻፈ ሊቆጠር ይችላል።

ይህ ደብዳቤ ሊያደርግ የማይችለውም ነገር አለ። ዕቃው ከተጫነ በኋላ የተጻፈ የማረጋገጫ ደብዳቤ የተጫነውን አይመልስም። የቀድሞው ትእዛዝ በእርግጥ አሻሚ ከነበረና አቅራቢው በቅን ልቡና በአንደኛው ትርጉም ሠርቶ 960 ደብተር ልኮ ከሆነ፣ «እኔ ያሰብሁት 480 ነበር» ማለት ብቻውን ባለሱቁን አያድነውም። አቅራቢውም ገንዘቡን በቀላሉ አያገኝም፤ የሁለቱ ግዴታ በበቂ ሁኔታ ተለይቶ የማይታወቅ ውል በሕግ ፊት ላይጸና ይችላልና። እንዲህ ያለው ነገር የሚያልቀው አንዱ በመርታት ሳይሆን ሁለቱም በመክሰር ነው። እንደዚሁም በደብዳቤ የተረጋገጠ ቀን ቢያልፍ፣ ባለሱቁ መብቱን ለመጠየቅ በመሠረቱ አስቀድሞ ግዴታውን እንዲፈጽም አቅራቢውን ማስጠንቀቅ ይኖርበታል። ቀኑ ቁርጥ ሆኖ በተጻፈ ጊዜ ማስጠንቀቂያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል። «በነሐሴ መጨረሻ ገደማ» በተባለ ጊዜ ግን ቀኑ ያለፈ መሆኑን ራሱን ማስረዳት ያስቸግራል።

በመጨረሻ ዕቃው በደረሰ ጊዜ ደብዳቤው ሁለተኛ ሥራውን ይጀምራል። የተፈረመበት ግልባጭ በእጅ ተይዞ፣ ባለመኪናው ሳይሄድ ፓኬቶቹ ተከፍተው ይቈጠራሉ። ትልቁ ፓኬት 144 እርሳስ መያዙ አንዱ ብቻ ተከፍቶ ቢታይ ይበቃል፤ ደብተሩ ግን ባለ 50ው ከባለ 32ቱ ጋር ተደባልቆ ሊታሰር ስለሚችል በየእስሩ መታየት አለበት። ጎደሎ የተገኘ እንደሆነ በባለመኪናው የማስረከቢያ ወረቀት ላይ «ባለ 50 ሉክ ደብተር 300 መሆን ሲገባው 276 ተቀብያለሁ» ተብሎ በቁጥር ይጻፋል። «ጎደሎ አለ» ብሎ ብቻ መፈረም ወደ መጀመሪያው ችግር መመለስ ነው፤ ስንት እንደ ጎደለ የሚያከራክር ሌላ አሻሚ ወረቀት ተወለደ ማለት ነውና።

እንግዲህ የደብረ ብርሃኑ ባለሱቅ ደብዳቤ ከአንድ ገጽ ብዙም የማይበልጥ፣ ለመጻፍም ከአንድ ሰዓት የማይፈጅ ነው። በሥራው ላይ የተጨመረው ነገር ቢቆጠር የፍሬ ቁጥር፣ የወር ስም፣ የዕለት ስምና የመልስ ቀን ብቻ ነው። በትእዛዙ ላይ እነዚህ ከመጀመሪያው ተጽፈው ቢሆን ኖሮ የማረጋገጫው ደብዳቤ ራሱ ባላስፈለገ ነበር። ከእንግዲህ ወዲህ ከቤተ ዘመድ አንዱ «እስቲ ለነጋዴው ደብዳቤ ጻፍልን» ሲላችሁ፣ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት «በፍሬ ስንት ነው? ከደጃችን የሚደርሰው በየትኛው ዕለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚጠይቃችሁ ሰው ራሱ መልሱን ካላወቀው አቅራቢውም ሊያውቀው አይችልም።